የተቀበሉትን የትምህርት ዕድል በቤተሰብ ምክንያት መተው፦ ስለ ደብዳቤው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ በአብዛኛው የተጻፉት በግለሰብ ለጋሾች ገንዘብ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለሚሰጥ የማስተርስ ስኮላርሺፕ ነው፤ ሌላ ዓይነት ዕድል ሲሆን የሚለየው በየቦታው ተጠቅሷል።

ካልሄድኩ ዕድሉ በራሱ ይሰረዛል፤ ደብዳቤ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?

መሰረዙስ ይሰረዛል። የሚሰረዘው ግን ትምህርት ተጀምሮ ስምዎ ከተመዘገቡት መካከል ሲታጣ ነው። እስከዚያ ድረስ ገንዘቡ በእርስዎ ስም ተይዞ ይቆያል። ብዙ ስኮላርሺፖች ተጠባባቂ ዝርዝር አላቸው፤ የኢራስመስ ሙንዱስ ፕሮግራሞች ለምሳሌ ከዋናው ዝርዝር ቀጥሎ ተጠባባቂዎችን በደረጃ ያስቀምጣሉ። ከዋናው ዝርዝር አንድ ሰው ሲወጣ ቀጣዩ ይጠራል። ጥሪው በሐምሌ ከደረሰው ቪዛ አውጥቶ ሊደርስ ይችላል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከደረሰው ግን፣ በተለይ እንደ እኛ የኤምባሲ ቀጠሮ ወረፋ ካለበት አገር ከሆነ፣ ጥሪው ጥቅም የለውም፤ የዚያ ዓመት ገንዘብም ማንንም ሳያስተምር ያልፋል።

ሁለተኛው ምክንያት የራስዎ ነው። «በቤተሰብ ምክንያት አስቀድማ አሳውቃ ለቀቀች» የሚል ማስታወሻና «ሳትመጣ ቀረች» የሚል ማስታወሻ በፋይል ውስጥ እኩል አይነበቡም። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ቢያመለክቱ ፋይልዎን የሚከፍተው ሰው ታሪክዎን የሚያውቀው ከዚያች ማስታወሻ ብቻ ነው።

ደብዳቤውን የምጽፈው ለማን ነው?

ለሦስት ወገን ነው፤ ሦስቱም የየራሳቸው ፋይል አላቸው። አንደኛው የስኮላርሺፕ ቢሮው ነው፤ ገንዘቡን የሚይዘውና የሚለቀው እሱ ነው። ሁለተኛው ተቀባይነት የሰጠዎት የትምህርት ክፍል ወይም የቅበላ ቢሮ ነው። ስኮላርሺፑን ትተውም የመማሪያ ቦታዎ ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ያኔ የትምህርት ክፍያ ጥያቄ ሲመጣብዎት ይደነግጣሉ። ሦስተኛው ለጋሹ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሲጻጻፍ ለቆየው ፕሮፌሰር ብቻ ነግሮ ጉዳዩ ያለቀ ሲመስለው ነው። ፕሮፌሰሩ ያዝናሉ፣ «አይዞሽ» ይላሉ፤ ፋይሉ ግን አይነካም። ለጋሹም ቢሆኑ ዕድሉን የመሰረዝ ሥልጣን የላቸውም። ስለዚህ የመተው ደብዳቤው ለቢሮው ይጻፋል፣ ለትምህርት ክፍሉ ግልባጭ ይደረጋል፣ ለለጋሹ ደግሞ የምስጋና ደብዳቤ ለብቻው ይጻፋል። የለጋሹ አድራሻ ብዙ ጊዜ ለተማሪ አይሰጥም፤ ደብዳቤውን ከቢሮው ደብዳቤ ጋር አያይዘው «እባካችሁ አድርሱልኝ» ማለት በቂ ነው። ለጋሹ ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ ከሆነም መንገዱ ይኸው ነው፤ «ለስኮላርሺፑ ለጋሽ» ብለው ይጽፋሉ።

መቼ ልላክ?

ውሳኔው በተቆረጠ በዚያው ሳምንት። እዚህ ላይ ሰው ወደ ሁለት ጫፍ ይሄዳል። አንዳንዱ መርዶው ወይም የሐኪሙ ቃል በተሰማበት ሌሊት ይጽፍና ከአሥር ቀን በኋላ ይጸጸታል። ሌላው «ምናልባት ይሻላቸው ይሆናል» እያለ የበረራው ሳምንት ድረስ ይቆያል።

ከዚህ በታች ደጋግመን የምንጠቅሰው አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በደብረ ብርሃን በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ወጣት በሕዝብ ጤና ማስተርስ ለመማር ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝታ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ተቀብላለች። ትምህርቱ የሚጀምረው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። በሰኔ አጋማሽ ሹፌር የሆኑት አባቷ በስትሮክ ታመሙ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም አልጻፈችም፤ ትክክልም ነበረች፤ ምክንያቱም ስትሮክ ከያዘው ሰው ምን ያህሉ እንደሚመለስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይታወቅም። ሐኪሙ ማገገሙ ወራት እንደሚወስድና ወደ መሪ መመለሳቸው እንደሚያጠራጥር ሲነግራቸው ከእናቷ ጋር ተመካከረች፤ ደብዳቤውንም ሐምሌ 3 ቀን ላከች። ትምህርቱ ሊጀመር ስድስት ሳምንት ያህል ቀርቶ ስለ ነበር ተጠባባቂውን ለመጥራት ጊዜ ነበር።

በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ የገንዘብ ድጋፍ ለተሰጣቸው ተማሪዎች መልስ መስጫ ያደረጉት ሚያዝያ 7፣ በእነርሱ ኤፕሪል 15 ነው። «ያ ቀን ካለፈ መውጣት አይቻልም» የሚባለው ስሕተት ነው። ቀኑ የተቀመጠው ተማሪ ሳይጣደፍ ከቀረቡለት ዕድሎች እንዲመርጥ ነው፤ አባቱ የታመመበትን ሰው አስሮ የሚያስቀምጥ አይደለም። ከዚያ በኋላ መልቀቅ ቢሮውን የሚያስቸግረው ሌሎቹ አመልካቾች ወደየመንገዳቸው ስለ ሄዱ ነው፤ የመፍጠኑም ምክንያት እሱ ነው።

ለቢሮው የሚጻፈው ደብዳቤ ምን ይዘት አለው?

አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ለውጭ አገር ቢሮ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው፦

> ጉዳዩ፦ የተሰጠኝን ስኮላርሺፕ ስለመተው፣ የማመልከቻ ቁጥር ______
>
> እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2025 የተቀበልኩትን የ2025/26 የማስተርስ ስኮላርሺፕ በቤተሰቤ ላይ በደረሰ ችግር ምክንያት የተውኩ መሆኔን በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ። አባቴ በሰኔ ወር በስትሮክ ታመው ሥራቸውን አቁመዋል፤ ቤተሰቡ የሚተዳደረው በእኔ ደመወዝ በመሆኑ በዚህ ዓመት ከአገር መውጣት አልችልም።
>
> ውሳኔዬ የመጨረሻ ነው፤ ቦታው ለቀጣዩ አመልካች እንዲሰጥ እጠይቃለሁ። ከስኮላርሺፑ እስካሁን በእጄ የገባ ገንዘብ የለም። ለተማሪ ቪዛ በስሜ የወጣው አይ-20 ቅጽም እንዲሰረዝልኝ አመለክታለሁ።
>
> ለለጋሾቹ የጻፍኩትን የምስጋና ደብዳቤ አያይዤ ልኬያለሁ፤ እንድታደርሱልኝ እለምናለሁ። ይህ ደብዳቤ መድረሱንና ፋይሌ መዘጋቱን በጽሑፍ ብታሳውቁኝ አመሰግናለሁ።

የደብዳቤው ክብደት ያለው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። በእኛ ልማድ ክፉ ወሬ የሚነገረው ዙሪያውን ተዞሮ ነው፤ ጤና ይጠየቃል፣ ስለ ዝናቡ ይነሣል፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይገባል። በቀን ብዙ ደብዳቤ የሚከፍት ጸሐፊ ግን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ላይደርስ ይችላል። «ለመተው እያሰብኩ ነው» ወይም «ሳልቸገር አልቀርም» የሚል አጻጻፍም መልቀቅ ተደርጎ አይቆጠርም። ቢሮው «ውሳኔሽን አሳውቂን» ብሎ ይመልስልዎታል፤ ሌላ ሁለት ሳምንት ይሄዳል።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ብዙ ሰው ያደናቅፋሉ። አንዱ ቀን ነው፤ 10/7/2025 ብለው ቢጽፉ አሜሪካ ያለው አንባቢ ኦክቶበር ውስጥ የተጻፈ አድርጎ ያነበዋል፤ ወሩን በፊደል ይጻፉት። ሌላው ስም ነው፤ በፓስፖርትዎና በማመልከቻው ላይ ባለው አጻጻፍ፣ እስከ አያት ስም ድረስ ይጻፉ፤ የሚልኩትም ባመለከቱበት ኢሜይል ይሁን። በሌላ ኢሜይል የመጣ የመልቀቂያ ጥያቄ «በእርግጥ ባለቤቱ ነው ወይ» የሚል ጥርጣሬ ያስነሣል፤ ተገቢም ነው፤ የሰውን ዕድል በሰው ስም ጽፎ የሚያሰርዝ ምቀኛ አይጠፋም።

የቤተሰቤን ችግር እስከ ምን ድረስ ልግለጽ? የሕክምና ማስረጃስ ላያይዝ?

አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ምን ደረሰ፣ ለምንስ እርስዎን ያስቀራል። ሁለተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ይረሳል። «አባቴ ታመዋል» ብቻ ቢሉ አንባቢው «ሌላ የሚያስታምማቸው የለም ወይ» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ «ቤተሰቡ የሚተዳደረው በእኔ ደመወዝ ነው» ሲሉ ግን ጥያቄው ያበቃል። ሞት ሲሆን ማብራራት አያስፈልግም፤ ማን እንዳረፈና ኃላፊነቱ በእርስዎ ላይ መውደቁን መጻፍ በቂ ነው።

ስለ ማስረጃ፣ ካልተጠየቁ አይላኩ። ዕድሉን ለመተው የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ሊያስረዱት የሚገባ ነገር የለም። የሐኪም ወረቀት የሚጠየቀው ለማራዘም ሲያመለክቱ ነው። የአባትዎ ሕመም ደግሞ የእሳቸው ምስጢር ነው፤ የምርመራ ውጤታቸው በማያውቁት ቢሮ ፋይል ውስጥ እንዲቀመጥ ፈቃዳቸውን አልሰጡም። ጉዳዩ የሚያሸማቅቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፍቺ፣ እስር፣ የአእምሮ ሕመም፣ «በዝርዝር ልገልጸው የማልችል የቤተሰብ ችግር» ብሎ ማለፍ ነውር የለበትም። ሌላ ሕመም ፈጥሮ መጻፍ ግን ነውር ነው፤ እየቆየም መውጫ ያሳጣል።

ለለጋሹ ለብቻው ምን ብዬ ልጻፍ?

የቢሮው ደብዳቤ አሠራር ነው፤ ይኸኛው ሰው ለሰው የሚጻፍ ነው። በምሳሌያችን ለጋሾቹ ነዋሪነታቸው አሜሪካ የሆነ ኢትዮጵያውያን ባልና ሚስት ናቸው፤ ስለዚህ በአማርኛ ተጻፈላቸው።

> ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
> ደብረ ብርሃን
>
> ለተከበሩ ዶክተር ______ እና ለተከበሩ ወይዘሮ ______
>
> ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ። በስማችሁ የተሰየመው የትምህርት ዕድል እንደ ተሰጠኝ የሚገልጸውን መልእክት ያነበብኩት በመጋቢት ወር፣ በጤና ጣቢያችን የክትባት ክፍል ውስጥ ተረኛ ሆኜ ሳለሁ ነው። በማመልከቻዬ ላይ የጻፍኩት፣ ልጆቻቸውን የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት ያስከተቡ እናቶች ለሁለተኛው ለምን እንደማይመለሱ ማጥናት እንደምፈልግ ነበር። ይህን ጥያቄ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ቁም ነገር አድርጎ ያየው የመጀመሪያ ሰው ከእናንተ ወገን ነው።
>
> በሚያሳዝን ሁኔታ ዕድሉን ልጠቀምበት አልቻልኩም። በሰኔ ወር አባቴ በስትሮክ ታመው ቀኝ እጃቸውና እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ በሹፌርነት ይሠሩ ስለ ነበር ሥራቸውን አቁመዋል። ሁለት ወንድሞቼ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ከእናቴ ጋር ተመካክረን በዚህ ዓመት ከቤት መራቅ እንደማይገባኝ ወስኛለሁ። ለስኮላርሺፕ ቢሮው በዛሬው ዕለት አሳውቄ፣ ቀጣዩ ተማሪ ጊዜ ሳያልፍበት እንዲጠራ ጠይቄያለሁ።
>
> የክትባቱን ጉዳይ በያዝኩት ሥራ ላይ ሆኜ መከታተሌን እቀጥላለሁ። ስላሰባችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።
>
> አክባሪያችሁ
> ______

ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ ለጋሾቹ የሚያስታውሱት የክትባት ክፍሉን ነው። ብዙ የምስጋና ደብዳቤዎች ስም ቢቀየርባቸው ለማንም ሊላኩ የሚችሉ ናቸው፦ «ለሰጣችሁኝ ወርቃማ ዕድል ቃላት የሉኝም»። ቃላት ከሌሉ ለምን ይጻፋል? ለጋሹ ማወቅ የሚፈልጉት ገንዘባቸው ምን ዓይነት ሰው ጋ ሊደርስ እንደ ነበር ነው። ያንን የሚነግረው የሥራ ቦታዎ፣ ሊያጠኑት የነበረው ነገር፣ ዜናው የደረሰበት ሰዓት ነው። ከእነዚህ አንዱን በትክክል ከጻፉ ሌላው ሙገሳ ሁሉ ቢቀር አይጎድልም።

ሌላው ልብ የሚባለው «ቀጣዩ ተማሪ እንዲጠራ ጠይቄያለሁ» የሚለው ነው። ለለጋሹ ገንዘባቸው ባዶ እንደማይቀር ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ነገር የለም። ስለ አጠራር፣ ለሁለት ሰዎች «እናንተ» ማለት ክብር አይቀንስም፤ ለአንድ ለጋሽ ሲሆን «እርስዎ» ይሆናል፤ ደብዳቤው ሁሉ በዚያው መጽናት አለበት። በ«እርስዎ» ተጀምሮ መሐል ላይ «ስላሰብክልኝ» የሚል የተሾለከበት ደብዳቤ አጋጥሞኛል፤ ከሌላ ደብዳቤ የተቀዳ መሆኑ ወዲያው ያስታውቃል።

ምን ያህል ይቅርታ ልጠይቅ?

አንድ ጊዜ፣ ያውም ካስፈለገ። ከላይ ያለው ደብዳቤ «በሚያሳዝን ሁኔታ» ብሎ አልፏል፤ ይበቃል። አባትን ማስታመም በደል አይደለም። በየአንቀጹ «እግራችሁ ሥር ወድቄ» እያሉ መለመን ለጋሹን ያስጨንቃል፤ መልስ ሲጽፉም ስለ አባትዎ ከመጠየቅ ይልቅ እርስዎን ለማጽናናት ይገደዳሉ። «ወደፊት ውለታውን እከፍላለሁ» ብሎ መግባትም አያስፈልግም፤ ያልወሰዱት ገንዘብ ዕዳ የለውም።

ምርቃት በአማርኛ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ሲሆን ያምራል። ወደ እንግሊዝኛ ከተመለሰ ግን ይረዝማል፣ ለማያውቀውም ግራ ያጋባል፤ ለውጭ አገር ለጋሽ ሲጽፉ በቀላል ምስጋና ይዝጉት።

በስልክ ወይም በቴሌግራም ብናገርስ?

ከለጋሹ ጋር የምትተዋወቁ ከሆነ መጀመሪያ መደወል ጨዋነት ነው። ደብዳቤው ግን አይቀርም፤ ቢሮ በስልክ የሰማውን ፋይል ውስጥ አያስገባም።

ከመተው ይልቅ ለሚቀጥለው ዓመት እንዲዘዋወርልኝ መጠየቅ አይሻልም?

የመማሪያ ቦታውና ገንዘቡ የተለያዩ መሆናቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። የመማሪያ ቦታን ለአንድ ዓመት ማዘዋወር በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይቻላል። ገንዘቡ ግን የየዓመቱ በጀት በመሆኑ ብዙ ጊዜ አብሮ አይሄድም፤ የብሪታንያው ቼቭኒንግ ለምሳሌ ወደ ቀጣዩ ዓመት አይተላለፍም፤ እንደገና ማመልከት ነው። ስለዚህ «ተዘዋውሮልኛል» ብለው የሚያርፉ ሰዎች ከዓመት በኋላ ያለ ገንዘብ የመማሪያ ቦታ ብቻ ይዘው ያገኙታል። ሲጠይቁ ሁለቱን ለይተው ይጠይቁ፦ ቦታው ይዘዋወራል ወይ? ስኮላርሺፑስ?

መጠየቁ ተገቢ የሚሆነው ችግሩ ማብቂያ ሲኖረው ነው። የእናት ቀዶ ሕክምና፣ የታናሽ እኅት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና፣ የአባት ተዝካርና የውርስ ጉዳይ ቀን ሊቆረጥላቸው ይችላል። በምሳሌያችን ያለው ስትሮክ ግን እንዲያ አይደለም፤ ወንድሞቿ ራሳቸውን እስኪችሉ ዓመታት ያልፋሉ። እርግጠኛ ባልሆኑበት ጉዳይ ማራዘሚያ መጠየቅ ሌላ ተማሪ ለአንድ ዓመት ደጅ እንዲጠና ያደርጋል። ጥያቄውን ካቀረቡ ደግሞ የመተው ደብዳቤውን አብረው አይላኩ፤ መልሱን ይጠብቁ። ሁለቱ በአንድ ቀን ከደረሱ ቢሮው የሚቀለውን ይሠራል፤ የሚቀለው መሰረዝ ነው።

የተከፈለኝ ገንዘብ ወይም የተቆረጠልኝ ትኬት ካለ ምን ላድርግ?

አሜሪካ ውስጥ የስኮላርሺፑ ትልቁ ክፍል ለትምህርት ክፍያ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ስለሚውል በእጅዎ የሚገባው ከደረሱ በኋላ ነው። ከጉዞ በፊት የመቋቋሚያ ገንዘብ ወይም የአውሮፕላን ትኬት የሚሰጡ ስኮላርሺፖች ግን አሉ። እንዲህ ከሆነ በደብዳቤው ላይ መጠኑንና የደረሰዎትን ቀን ጽፈው «እንዴትና በየትኛው ሒሳብ ልመልስ» ብለው ይጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ሳያገኙ አይላኩ፤ ሲልኩም በባንክ ይሁን፣ ደረሰኙም ይቀመጥ። «እዚያ ያለው የአክስቴ ልጅ ያድርስላቸው» የሚለው መንገድ ማረጋገጫ ስለሌለው ኋላ ያጣላል። ከገንዘቡ ላይ ለፓስፖርት ወይም ለሕክምና ምርመራ ያወጡት ካለ ሳይደብቁ ይዘርዝሩት፤ በስኮላርሺፑ ደንብ የተፈቀደ ወጪ ከሆነ ላይጠየቁበት ይችላሉ።

ከኪስዎ የከፈሉት ብዙውን ጊዜ አይመለስም። የአሜሪካ የተማሪዎች መመዝገቢያ የሆነው የሴቪስ ክፍያ 350 ዶላር ነው፤ እሱም ሆነ የቪዛ ማመልከቻ ክፍያው ተመላሽ አይደረግም። ቦታ ለመያዝ ለዩኒቨርሲቲው ያስያዙት ገንዘብ ካለ ግን መጠየቅ አይጎዳም፤ በቤተሰብ ችግር ምክንያት የሚመልሱ አሉ።

ቪዛው ፓስፖርቴ ላይ ተመትቷል፤ ልጠቀምበት እችላለሁ?

አይችሉም። የተማሪ ቪዛ የቆመው በአይ-20 ቅጹ ላይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ቅጹን ሲሰርዝ ቀኑ ያላለፈበት ቪዛ ቢኖርዎትም በእሱ ለመግባት መሞከር የሚያስመልስና ለወደፊት ማመልከቻ የሚያበላሽ ነው። «ቪዛው እንዳይባክን ዘመድ ልጠይቅበት» የሚለውን ምክር የሚሰጥ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ አይስሙት። ቅጹ እንዲሰረዝ ራስዎ በጽሑፍ መጠየቅዎ ወደፊት በኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ላይ ይረዳል፦ «ቪዛ ተሰጥቶሽ ለምን አልሄድሽም?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ የመተው ደብዳቤውንና የቢሮውን ማረጋገጫ ያሳያሉ።

ለትምህርት ፈቃድ ከመሥሪያ ቤቴ ጋር ውል ፈርሜያለሁ፣ ዋስም ጠርቻለሁ። እሱስ?

ይህ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፤ በተለይ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች። ውሉ የሚለው ተምረው ተመልሰው ይህን ያህል ዓመት እንዲያገለግሉ፣ ካልሆነ እርስዎ ወይም ዋስዎ እንዲከፍሉ ነው። ስኮላርሺፑን ስለተዉ ውሉ በራሱ አይቀደድም። ስለዚህ ለሰው ኃይል አስተዳደር ሌላ ደብዳቤ ይጻፋል፦ ትምህርቱን እንዳልጀመሩ፣ በውሉ መሠረት የወሰዱት ደመወዝ ወይም አበል ካለ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ የትምህርት ፈቃዱ ተሰርዞ በሥራ ገበታዎ እንዲቀጥሉ፣ የዋስትናውም ግዴታ እንዲነሣ። የስኮላርሺፕ ቢሮው የላከው ማረጋገጫ ግልባጭ ይያያዛል፤ ለዚህም ነው ማረጋገጫውን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈለገው።

ዋስዎ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ከሆኑ የዋስትናውን መነሣት የሚገልጸውን ደብዳቤ ግልባጭ ወስደው በእጃቸው ይስጧቸው። ሰው ዋስ ሲሆን ደመወዙን አስይዞልዎታል፤ ነፃ መሆኑን ከሌላ ሰው መስማት የለበትም።

ለጋሾቹ ገንዘቡን ለአባቴ ሕክምና እንዲያውሉልኝ ብጠይቅስ?

ጥያቄው ከመጨነቅ የሚመጣ ነው፤ መልሱ ግን አይሆንም ነው። ለጋሾቹ ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው ከሰጡ በኋላ በእጃቸው አይደለም፤ ለተባለለት ዓላማ ብቻ ይወጣል። በአሜሪካ የግብር ሕግ ለአንድ ለተለየ ሰው ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ እንደ በጎ አድራጎት ስጦታ አይቆጠርም። ስለዚህ «ለእኔ ብቻ አቆዩልኝ» ማለትም ሆነ «ወደ ሕክምናው አዙሩልኝ» ማለት ሊያደርጉት በማይችሉት ነገር እንዲያፍሩ ያደርጋቸዋል። በዚያው ደብዳቤ ላይ ሲጠየቅ ደግሞ ምስጋናው ሁሉ ለዚህ የተጻፈ ይመስላል።

ለጋሾቹ በራሳቸው ፈቃድ «አባትሽ እንዴት ናቸው? ምን እናግዝ?» ብለው ቢጽፉ ሌላ ነገር ነው። እንዲያ ከሆነ እንደ ማንኛውም ወዳጅ በግልጽ መመለስ ይቻላል፤ ከስኮላርሺፑ ጋር ግን አይያያዝም፣ በቢሮው በኩልም አይሄድም።

ደብዳቤውን ከላክሁ በኋላ ነገሩ ቢስተካከል መመለስ እችላለሁ?

ተጠባባቂው ገና ካልተጠራ አንዳንድ ጊዜ ይቻላል። በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ከሆነ ወዲያው ይጻፉና «ቦታው ለሌላ ካልተሰጠ» ብለው ይጠይቁ። ሌላ ሰው ከተጠራ ግን አይጠይቁ፤ ያ ሰው በእርስዎ ደብዳቤ ምክንያት ሥራውን ለቅቆ ሊሆን ይችላል።

በቀጣዮቹ ዓመታት እንደገና ማመልከት ግን አይከለከልም። ማመልከቻው ላይ ከዚህ ቀደም ተቀብለው እንደ ነበር ራስዎ ይጥቀሱት፣ የቀሩበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ አሁን የተለወጠውን ደግሞ በሌላ። በምሳሌያችን ያለችው ወጣት ብታመለክት የሚጠየቀው አባቷ ምን ያህል እንደ ተሻላቸው አይደለም፤ እሷ በሌለችበት የቤቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ነው። ከሁለቱ ወንድሞቿ ታላቁ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ይዞ ከሆነ ያንን ትጽፋለች።